ለቬሎ አከራይ ሱቅ ዌብሳይት ስትሠሩ፦ የሥራ ወሰን፣ ዋጋና የጥገና ውል

ለትንሽ ሱቅ ዌብሳይት መሥራት ራሱ ከባድ አይደለም። አራት አምስት ገጽ፣ ጥቂት ፎቶ፣ ስልክና አድራሻ ነው። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከርክክብ በኋላ ነው። «ይቺን ፎቶ ቀይርልኝ»፣ «ዋጋው ጨምሯል»፣ «ሱቁ ቦታ ቀይሯል» ይባላል። ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደሚሠራው ግን የትም አልተጻፈም።

ስለዚህ ከደንበኛ ጋር ስትቀመጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት ዌብሳይት ይፈልጋሉ?» አይሁን። «ከተረከቡ በኋላ በየወሩ ምን ይለወጣል?» ብላችሁ ጀምሩ። የሥራው ወሰን፣ ዋጋውና የጥገና ውሉ ከዚህ መልስ ነው የሚወጡት። እንዴት እንደሚወጡ በአንድ ምሳሌ ላይ ሠርቼ ላሳያችሁ።

ምሳሌያችን ቬሎ፣ የሚዜ ልብስና ካባ የምታከራይ ሱቅ ናት። ድሮ ፒያሳ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ የፒያሳ ሱቆች ሲነሡ እሷም ተነሣች። አሁን ከቴዎድሮስ አደባባይ ወረድ ብሎ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገብታለች እንበል። የቴሌግራም ቻናል አላት፣ ቲክቶክም ትለጥፋለች። የድሮ ደንበኞች ግን የት እንደሄደች አያውቁም። ውጭ አገር ያሉ ሙሽሮች ደግሞ ከመምጣታቸው በፊት ልብሱን ማየት ይፈልጋሉ።

አንደኛ፦ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣችሁ ጠይቁ

የመጀመሪያውን ውይይት በስልክ አትጨርሱት። ሱቁ ድረስ ሂዱና ግማሽ ቀን ያህል ተቀመጡ። ደንበኛ ሲገባ ምን እንደሚጠይቅ ስሙ። የቬሎ ቤት ደንበኛ ሁሌ የሚጠይቀው ያው ነው፦ ኪራዩ ስንት ነው? ቀብዱ ስንት ነው? በሰውነቴ ልክ ይስተካከላል? ለስንት ቀን ነው? የሠርጌ ቀን ላይ ነጻ ነው? ዌብሳይቱ የእነዚህ መልስ ነው። «ስለ እኛ» የሚል ረጅም ገጽ የጠየቀ ደንበኛ የለም።

ቀጥላችሁ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን ለዩ። በእኛ ሱቅ አድራሻ፣ ስልክና የኪራይ ደንብ በዓመት አንዴ ቢለወጡ ነው። ዋጋ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይነካል። ልብሶቹ ግን ይለወጣሉ። አዲስ ይገባል፣ ያረጀ ይወጣል። መጠኑን ጠይቁ። ባለቤቷ «በየወቅቱ አሥር ያህል አስገባለሁ፣ ያንኑ ያህል አወጣለሁ» ካለች፣ የጥገናው መጠን በእጃችሁ ገባ ማለት ነው።

ዎርድፕሬስ ወይስ ተራ ኤችቲኤምኤል የሚለውም እዚሁ ይወሰናል። ዎርድፕሬስ ባለቤቷ ራሷ ገብታ ፎቶ እንድትቀይር ያስችላታል። በአንጻሩ እሱና ተጨማሪ ፕለጊኖቹ ያለማቋረጥ መታደስ አለባቸው። ካልታደሱ ሰርጎ ገብ ይገባባቸዋል። ይህ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ጎግል ላይ የሱቁን ስም ፈልጋችሁ ከሱቁ ጋር የማይገናኝ የቁማር ወይም የመድኃኒት ማስታወቂያ ሲመጣ ነው። ለውጡ በወቅት አሥር ልብስ ብቻ ከሆነ እኔ ተራውን እመርጣለሁ። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ የሚሰበር ነገር የለውም፣ ለውጡን እናንተ በጥገና ውል ትሠሩታላችሁ። በየሳምንቱ የሚለወጥ ከሆነና ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር የለመደ ሠራተኛ ካለ ግን ዎርድፕሬስ ይሻላል። ያን ጊዜ የማደሻውን ሰዓት የጥገና ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

ሁለተኛ፦ ወሰኑን በአንድ ገጽ ጻፉ

የሥራ ወሰን የሚባለው ረጅም ሰነድ መሆን የለበትም። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ባለቤቷ ራሷ አንብባ የምትፈርመው ይሁን። ለዚህች ሱቅ እንዲህ ይሆናል።

አራት ገጽ ይሠራል፦ መግቢያ፣ የልብሶች ዝርዝር፣ የኪራይ ደንብና ዋጋ፣ አድራሻ። በዝርዝሩ ላይ እስከ 40 ልብስ ይገባል፣ እያንዳንዱ ሁለት ፎቶና የራሱ ቁጥር ይኖረዋል። ቋንቋው አማርኛ ሲሆን የአድራሻና የደንቡ ገጽ በእንግሊዝኛም ይኖራል። ፎቶውን ባለቤቷ ታቀርባለች፣ ጽሑፉን እናንተ ትጽፋላችሁ፣ እሷ ታጸድቃለች። የማስተካከያ ዙር ሁለት ነው። ሥራው የማያካትተውም በግልጽ ይጻፍ፦ ፎቶ ማንሳት፣ ሎጎ መሥራት፣ በዌብሳይቱ ላይ ክፍያ መቀበል፣ የቀን ማስያዣ ካላንደር።

የመጨረሻዋን አትለፏት። ባለቤቷ መጠየቋ አይቀርም፦

«ልጄ፣ ሙሽራዋ እዚያው ላይ ቀኗን መርጣ እንድትይዝ አድርግልኝ።»

«እትዬ፣ አሁን ቀን የሚያዘው የት ላይ ነው?»

«ደብተሬ ላይ ነዋ።»

ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። እውነተኛው መረጃ ደብተሩ ላይ ነው። ሠራተኛዋ በስልክ ታስይዛለች፣ በአካል የመጣችውም ትይዛለች፣ ሁሉም ደብተሩ ላይ ይጻፋል። ያንኑ ወዲያው ዌብሳይቱ ላይ የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ካላንደሩ «ነጻ ነው» ይላል፣ ልብሱ ግን ተይዟል። ለአንድ ቅዳሜ ሁለት ሙሽራ አንድ ቬሎ አስይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ላይ ልብሱ ከኪራይ ሲመለስ ይታጠባል፣ የተቀደደው ይሰፋል፣ ለቀጣይዋ በልኳ ይስተካከላል። ነጻ የሚሆነው ስንት ቀን ቆይቶ እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፣ ፕሮግራሙ አያውቅም።

የቀን ነገርም አለ። ዌብሳይት ላይ የምታገኙት ዝግጁ ካላንደር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሙሽራዋ ግን «ጥር 10» ነው የምትለው። በ2018 ዓ.ም. ጥር 10 የዋለው በእነሱ ጃንዋሪ 18 ላይ ነው። እሷ ቸኩላ ጃንዋሪ 10ን ከነካች ጥር 2 ተያዘላት ማለት ነው። በስምንት ቀን ተሳሳተች። ለአብዛኛው ሥራ ትንሽ ስሕተት ሊሆን ይችላል፣ ለሠርግ ግን ሊታረም የማይችል ነው።

ስለዚህ መፍትሔው ቀለል ያለ ነው። እያንዳንዱ ልብስ ቁጥር ይኑረው። ከሥሩ ሁለት አዝራር ይኑር፣ አንዱ የሚደውል፣ ሌላው ቴሌግራም የሚከፍት። ሙሽራዋ ስትነካው የልብሱ ቁጥር በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ተጽፎ ይጠብቃታል። ቀኗን በራሷ ቃል ትጽፋለች። ባለቤቷ ደብተሯን አይታ ትመልሳለች፣ ከዚያ ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ትቀበላለች።

```html
<a href="tel:+2519XXXXXXXX">ይደውሉ</a>
<a href="https://t.me/USERNAME?text=V-014">
  ስለዚህ ልብስ ይጠይቁ
</a>
```

በስልኩ ላይ መጀመሪያ ያለችውን 0 አውጥታችሁ በ+251 ጀምሩ። አለበለዚያ ውጭ አገር ያለችው ሙሽራ ስትነካው አይደውልላትም።

ወሰኑ ላይ ሁለት የቀን ገደብም ይግባ። ፎቶና መረጃ በተባለው ቀን ካልቀረበ የማስረከቢያው ቀን በዚያው ልክ ይገፋል። ሥራው ቀርቦ በ7 ቀን ውስጥ አስተያየት ካልተሰጠ እንደጸደቀ ይቆጠራል። ያለዚህ አንቀጽ ሥራው «ፎቶውን ነገ እልክልሃለሁ» እየተባለ ወራት ይቆያል፣ የመጨረሻው ክፍያም አብሮ ይቆያል።

የሙሽሮች ፎቶ

ባለቤቷ ስልኳ ላይ ብዙ የሠርግ ፎቶ አላት። ልብሱ በሙሽራ ላይ ሲታይ ያምራልና እነሱን ትሰጣችኋለች። እዚህ ጋ ቆም በሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ልብሱን መከራየቷ መልኳን ለማስታወቂያ መስጠቷ አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺውም በፎቶው ላይ መብት አለው።

የኪራይ ውሉ ላይ «ፎቶዬ በሱቁ ገጽ ላይ እንዲወጣ እፈቅዳለሁ / አልፈቅድም» የምትል መስመር እንድትጨምር ንገሯት። የድሮዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ ትጠይቅ። ፈቃድ ያልተገኘለትን ልብስ በአሻንጉሊት ላይ አድርጋ በመስኮት ብርሃን ታንሳው። በጥገና ውሉም ላይ «ለሚቀርበው ፎቶ ፈቃድ የማግኘት ኃላፊነቱ የሱቁ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ከዚህ ጋር ግን «ፎቶዬ ይነሣ» የሚል ጥያቄ ከመጣ በዚያው ቀን እንደምታነሡ ቃል ግቡ። ይህ በሰዓት የሚቆጠር ሥራ አይሁን፣ ያለ ክፍያ ሥሩት።

ሦስተኛ፦ ዋጋውን ከሰዓት ተነስታችሁ አስሉ

«ለዌብሳይት ስንት ታስከፍላለህ?» ለሚል ጥያቄ እዚያው ቁጥር አትጥሩ። መጀመሪያ የራሳችሁን የሰዓት ዋጋ እወቁ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ናቸው፣ በራሳችሁ ተኩባቸው።

በወር ለኑሮ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለኢንተርኔት፣ ለትራንስፖርት፣ ለግብርና ላፕቶፕ ለመቀየር የሚቀመጠውን ጨምሮ 45,000 ብር ያስፈልጋችኋል እንበል። በወር ስንት ሰዓት ትሠራላችሁ? 180 ሰዓት ብትሉ እንኳ ሁሉም የሚከፈልበት አይደለም። ደንበኛ ፍለጋ፣ ስልክ፣ መንገድ፣ መብራት የጠፋበት ጊዜ ግማሹን ይበላዋል። ስለዚህ የሚከፈልበት 90 ሰዓት ነው። 45,000 ለ90 ሲካፈል 500 ብር ይመጣል። የሰዓት ዋጋችሁ ይህ ነው። ብዙ ጀማሪ 45,000ን ለ180 ያካፍልና 250 ያገኛል፣ ከዚያ ሥራ ሞልቶት ገንዘብ ያጥረዋል።

አሁን የዚህችን ሱቅ ሥራ ቁጠሩ። ሱቅ መጎብኘትና ወሰን መጻፍ 5 ሰዓት። ጽሑፍ ማዘጋጀት 8 ሰዓት። 40 ልብስ፣ እያንዳንዱ ከነሁለቱ ፎቶው 6 ደቂቃ ቢፈጅ 4 ሰዓት። ገጾቹን መሥራት 24 ሰዓት። ሁለቱ የማስተካከያ ዙሮችና ሙከራ 8 ሰዓት። ማስረከብና ማስረዳት 3 ሰዓት። ድምሩ 52 ነው። ላልታሰበው 8 ሰዓት ጨምሩ፣ 60 ይሆናል። በ500 ሲባዛ 30,000 ብር።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገባችሁ ከሆነ 15 በመቶው 4,500 ብር ነው፣ ድምሩ 34,500 ይሆናል። ዋጋው ታክሱን ይጨምር አይጨምር ማቅረቢያው ላይ በፊደል ጻፉት። ንግድ ፈቃድና ደረሰኝም ቀድሞ መታሰብ አለበት። ሒሳብ መዝገብ የምትይዝ ሱቅ ደረሰኝ ካልሰጣችኋት የከፈለችውን ወጪ አድርጋ ማቅረብ ያስቸግራታል።

ከዚህ በኋላ «ቀንስልኝ» ይመጣል። ይህ የገበያ ወጉ ነውና አትቀየሙ። ዋጋውን ለብቻው ግን አትቀንሱ። ሥራው አብሮ ይቀንስ። «20 ልብስ ብቻ እናድርግ፣ እንግሊዝኛውን ለጊዜው እንተው፣ የማስተካከያው ዙር አንድ ይሁን» ብትሏት ፎቶው 2 ሰዓት፣ ጽሑፉ 3 ሰዓት፣ ሙከራውና ዙሩ 3 ሰዓት ይቀንሳል። 8 ሰዓት፣ 4,000 ብር ማለት ነው። እሷም ምን እንደተወች አውቃ ትወስናለች። ምንም ሳይቀነስ 4,000 ከወረደ ግን የመጀመሪያው ዋጋ እውነተኛ አልነበረም ብላ ብታስብ አይፈረድባትም።

ክፍያው በሦስት ይከፈል። ሲፈረም 12,000፣ ገጾቹ ታይተው ሲጸድቁ 12,000፣ በራሷ አድራሻ ላይ ሲከፈት 6,000። የመጨረሻውን ትንሽ ያደረግኩት በምክንያት ነው። የሚዘገየው ሁሌ እሱ ነው።

ዶሜይንና ሆስቲንግን ከእናንተ ዋጋ ጋር አትቀላቅሉ። የሁለቱም መነሻ ዋጋ ብዙውን ጊዜ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሦስት ዓመት ሆስቲንግ በብር ቆርጦ የተዋዋለ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ «የዶሜይንና የሆስቲንግ ክፍያ በከፋይዋ ስም፣ በዕለቱ ዋጋ፣ በደረሰኝ ይከፈላል» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ።

«በከፋይዋ ስም» ያልኩት ላይ ልቆይ። ዶሜይኑ በሱቁ ባለቤት ስምና በእሷ ኢሜይል ይመዝገብ። በ.com.et ለመመዝገብ የምታመለክቱት ለኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ የሱቁን የንግድ ሰነዶች አዘጋጁ። .com ከሆነ በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ፣ ግን የተመዝጋቢ ስም ላይ ማን እንደተጻፈ ራሳችሁ አረጋግጡ። ብዙ ሱቅ ስሙን ያጣው ዶሜይኑ በሠሪው የግል ኢሜይል ተመዝግቦ፣ ሠሪው ስልክ ቀይሮ ወይም ከአገር ወጥቶ ነው። ባለቤቷ ኢሜይል ከሌላት እዚያው አብራችሁ ክፈቱላት፣ ፓስዎርዱን በእጇ ጽፋ ትያዝ።

አሠራሩ ላይ የማይታለፉ ጥቂት ነገሮች

ደንበኞቿ የሚያዩት በስልክ፣ በሞባይል ዳታ ነው። የዛሬ ስልክ አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን አይገርምም። 40 ልብስ በሁለት ፎቶ 80 ፎቶ ነው፣ እንዳለ ከተጫነ 320 ሜጋባይት። ማንም አይጠብቀውም። ስፋቱን ወደ 1000 ፒክሰል አውርዱና በዌብፒ አስቀምጡት። አንዱ ወደ 100 ኪሎባይት ይወርዳል፣ ሁሉም ተደምሮ 8 ሜጋባይት ያህል ነው። በዚያ ላይ ከታች ያለው ፎቶ ሰው ሲደርስበት ብቻ እንዲጫን አድርጉ።

```html
<html lang="am">
<meta charset="utf-8">
<meta name="viewport"
  content="width=device-width">
<img src="v014.webp" loading="lazy"
  width="1000" height="1400" alt="ቬሎ ቁጥር 14">
```

ለአማርኛ ፊደል ከሌላ ቦታ የሚጫን ፎንት አያስፈልግም። የአንድሮይድ ስልኮች የራሳቸው አላቸው። መስመሮቹን ግን ራቅ ራቅ አድርጉ፣ ፊደላችን ቁመቱ ሙሉ ስለሆነ ሲጠጋጋ ዓይን ያደክማል።

```css
body {
  font-family: "Noto Sans Ethiopic", "Ebrima",
    "Nyala", sans-serif;
  line-height: 1.7;
}
img {
  max-width: 100%;
  height: auto;
}
```

የአድራሻ ገጹን ቀለል አድርጋችሁ አትለፉት፣ ቦታ ለቀየረች ሱቅ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የመንገድ ቁጥር እኛ ዘንድ ሰው አያደርስም። ከየት ተነስቶ ወዴት፣ የትኛው ምልክት ሲታይ፣ ስንተኛ ፎቅ የሚለውን ጻፉ። «ድሮ ፒያሳ የነበርነው» የሚል መስመር ይኑር፣ የድሮ ደንበኛ የምትፈልገው እሱን ነው። ጎግል ማፕ ላይ ያለው የድሮ ቦታም ይስተካከል፣ ካልተስተካከለ ሰው ወደ ፈረሰው ሕንፃ ይሄዳል። የሥራ ሰዓቱ በአማርኛ «ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 1» ከሆነ፣ እንግሊዝኛው ላይ 9 እና 7 ተብሎ በእነሱ አቆጣጠር ይጻፍ። ቁጥሩን ብቻ ገልብጣችሁ ከወሰዳችሁ ውጭ ያለችው ደንበኛ በሌሊት ትደውላለች።

ከማስረከባችሁ በፊት በራሳችሁ ዋይፋይ ሳይሆን ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ፣ በባለቤቷ ስልክ፣ በዳታ ክፈቱት። አዝራሮቹን ሁሉ ንኩ። እሷ ሳታግዟት የአንድ ልብስ ዋጋ ፈልጋ ታግኝ። ከተቸገረች ችግሩ ገጹ ላይ ነው።

አራተኛ፦ የጥገና ውሉ

የጥገና ውል ከሥራው ውል ጋር በአንድ ቀን ይፈረም። «መጀመሪያ እንጨርስ፣ እሱ ይደርሳል» ከተባለ አይደርስም፣ ጥገናውም በነጻ እንዲሠራ ይጠበቃል።

የእናንተ ስሕተት የሆነውን መጀመሪያ ለዩት። ከርክክብ በኋላ ባሉት 30 ቀናት የማይሠራ አዝራር፣ የተሳሳተ ቁጥር፣ በአንዳንድ ስልክ ላይ የተበላሸ ገጽ ያለ ክፍያ ይስተካከላል። አዲስ ልብስ መጨመር ግን ስሕተት ማረም አይደለም።

ክፍያውን ለማስላት የሱቁን ዓመት ተመልከቱ። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዘንድ በጾም ሠርግ የለም። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይቆያል፣ ከዚያ ጥር የሠርግ ወር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፣ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይጀምራል። ሙሽራ ልብስ የምታይበት ጊዜ ደግሞ ሠርጉ ሳይደርስ ነው። ስለዚህ የለውጥ ሥራው የሚበዛው ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር፣ ከዚያ ፋሲካ ሲቃረብ ባለው ወር ነው።

እነዚህ አራት ወራት እያንዳንዳቸው 3 ሰዓት ቢወስዱ 12 ሰዓት ነው። የቀሩት ስምንት ወራት 1 ሰዓት ቢበቃቸው 8 ሰዓት። ይህ ለለውጥ ነው። ከዚህ ሌላ ለውጥ ቢኖርም ባይኖርም በየወሩ ግማሽ ሰዓት አለ፦ ገጹ መከፈቱን ማየት፣ አዝራሮቹን መሞከር፣ ባክአፕ መያዝ። በዓመት 6 ሰዓት። ድምሩ 26 ሰዓት፣ በ500 ሲባዛ 13,000 ብር። በሦስት ወር አንዴ 3,250 ብር ትከፍላለች።

በየወሩ እኩል ሰዓት ብታደርጉት ምን ይሆናል? በሰኔ ያልተጠቀመችበትን ሰዓት በጥር ትጠይቃለች፣ እናንተም «ወሩ አልፏል» ትላላችሁ። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ግንኙነቱ ግን ይበላሻል። ሰዓቱን በዓመት ቆጥራችሁ ወቅቱ ላይ እንድትጠቀምበት ፍቀዱ። ካለፈ ተጨማሪው በሰዓት 500 ብር ይታሰባል፣ ከመሠራቱ በፊትም ይነገራታል።

ለውጥ እንዴት እንደሚጠየቅም ይጻፍ። አንድ ጠያቂ፣ አንድ የቴሌግራም መስመር ይሁን። ባለቤቷ፣ ልጇና ሠራተኛዋ በተለያየ ጊዜ የተለያየ ዋጋ ከላኩ ስሕተቱ የእናንተ ይመስላል። ጥያቄው የልብሱን ቁጥር፣ ምን እንደሚለወጥና አዲሱን ዋጋ ይያዝ። የምትመልሱበት ጊዜ ገጹ ጭራሽ ካልከፈተ በዚያው ቀን፣ ተራ ለውጥ ከሆነ በሁለት የሥራ ቀን ይሁን። በእጃችሁ የሌለውንም ጻፉ። ኢንተርኔት በአገር ደረጃ ሲቋረጥ ወይም ሆስቲንግ ድርጅቱ ራሱ ሲወድቅ እናንተ ማሳወቅና መከታተል እንጂ መጠገን አትችሉም።

ባክአፕ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከሆስቲንጉ ውጭ። በዓመት አንዴ ከባክአፑ ላይ ገጹን ኮምፒውተራችሁ ላይ አንሥታችሁ ክፈቱት። ሳይሞከር የተቀመጠ ባክአፕ መሥራት አለመሥራቱን የምታውቁት በክፉ ቀን ይሆናል።

የዶሜይኑ ማብቂያ ቀን ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ከ30 ቀን በፊት ታስታውሷታላችሁ፣ እሷ ትከፍላለች። የ.com ስም ካለፈበት በኋላ ወዲያው አይጠፋም። በተራ ዋጋ የሚታደስበት የጸጋ ጊዜ አለ፣ ርዝመቱ እንደ ሻጩ ይለያያል። ከዚያ 30 ቀን የሚቆይ በከፍተኛ ክፍያ የሚመለስበት ጊዜ ይመጣል፣ ከዚያ በ5 ቀን ውስጥ ተሰርዞ ለማንም ክፍት ይሆናል። ገጹ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ላይከፈት ይችላል። ማብቂያው ጥር ላይ የሚወድቅ ከሆነ ቀድማ ታድሰው፣ በሠርግ ወር ገጹ አይዘጋ።

ክፍያ ሲዘገይ ምን እንደሚሆንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ 30 ቀን ካለፈ ለውጥ መሥራት ይቆማል፣ ገጹ ግን አይዘጋም፣ ፓስዎርድም አይያዝም። የጥገናውን ያልከፈለች ደንበኛ የሥራውን ዋጋ ከፍላለች፣ ገጹ የእሷ ነው። ገጽ ዘግቶ ዕዳ ማስከፈል በአንድ ሰፈር ከተሰማ ቀጣዩን ሱቅ ማዋዋል ያስቸግራል፣ ቬሎ አከራዮች ደግሞ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ።

ውሉ በማንኛውም ወገን በአንድ ወር ማስታወቂያ ይፍረስ። ሲፈርስ በ7 ቀን ውስጥ የሚረከበው ይዘርዘር፦ ሙሉ የገጹ ፋይል፣ ዋናዎቹ ፎቶዎች፣ የሆስቲንግና የዶሜይን መግቢያ፣ የጎግል ማፕ ባለቤትነት። ርክክቡን በወረቀት አድርጉትና ሁለታችሁም ፈርሙ። እሷ ፓስዎርዶቹን ስትቀይር አጠገቧ ሁኑ፣ ከዚያ የእናንተን መግቢያ አጥፉ።

ውሉ የሚቀጥል ከሆነ ዋጋውን ለማየት ነሐሴ ይመቻል። ሱቁ ቀዝቀዝ ያለበት ወር ነው። የዓመቱን የለውጥ ዝርዝር ከቴሌግራሙ ላይ ቆጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ። 20 ሰዓት ታስቦ 31 ከወጣ፣ ወይ ሰዓቱ ይጨመራል፣ ወይ ያ ዎርድፕሬስ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። አዲሱ ዋጋ ከመስከረም ጀምሮ ይሠራል፣ የኅዳሩ ሥራ ሳይደርስ።